ብድሩ ይከፈላል፣ ሱቁ ይበላል
(ሐዋሳ ውስጥ በነጋዴዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ከመቅረጸ ድምፅ የተገለበጠ)

እንደምን አረፈዳችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን። እሁድ ጠዋት ሱቅ ዘግቶ ለስብሰባ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም ልጅ አስቀምጣችሁ ነው የመጣችሁት፤ ስልካችሁ ሲጠራ ያስታውቃል። ችግር የለም፣ አንሱት። ከኋላ የቆማችሁ ግን ግቡ፣ ወንበር አለ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሱቅ ብድር አለባችሁ። ለዚያ ብድር የቤታችሁ ካርታ ተይዟል፣ ወይም ወንድማችሁ ዋስ ሆኖ ፈርሟል። የሱቁን ዕዳና የቤቱን ዕዳ እንዴት ነው የምትለዩት? መለየቱስ ምን ያደርግላችኋል፣ ምንስ አያደርግላችሁም?

ከማያደርግላችሁ ልጀምር። ምክንያቱም እኔ ራሴ የተታለልኩት እዚያ ላይ ነው።

እኔ አሁን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሰው መዝገብ እይዛለሁ። ድሮ ግን ነጋዴ ነበርኩ። መናኸሪያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ እሸጥ ነበር። ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ቧንቧ። ባንክ ተበደርኩ፤ እናቴ ቤቷን አስያዘችልኝ። ንግዱ አልሆነም። አንድ ቀን ቆረጥኩና ንግድ ፈቃዴን መለስኩ። ግብሬን ጨርሼ፣ ማረጋገጫ ወረቀቴን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ሱቁ ተዘጋ አይደል? የሱቁ ዕዳም አብሮ የተዘጋ መሰለኝ።

ምን ተዘጋ! ፈቃዱን መለስኩ፣ ዕዳው ተከትሎኝ ቤት ገባ። ባንኩ የደወለው ለሱቁ አይደለም፤ ለእኔ ነው። ቀጥሎ ለእናቴ።

ለምን? ግለሰብ ነጋዴ ማለት እኮ እናንተው ናችሁ። ሰሌዳው ላይ «እንትን ጫማ ቤት» ተብሎ ቢጻፍም ያ ስም ሰው አይደለም። አይከሰስም፣ አይከፍልም። የንግድ ምዝገባው በእናንተ ስም ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም የእናንተው ነው። በሱቁና በእናንተ መካከል በሕግ የቆመ ግድግዳ የለም። ስለዚህ አንድ ግለሰብ ነጋዴ «ለሱቄ ብድር በግሌ ዋስ ሆኛለሁ» ሲለኝ በልቤ ፈገግ እላለሁ። ዋስ ባትሆንም ከፋዩ አንተው ነህ! ዋስትናው የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው። ሌላ ሰው ይጨምራል። ሌላ ንብረት ይጨምራል። የሚስትህን ፊርማ፣ የእናትህን ቤት፣ የወንድምህን ስም።

እንግዲህ ይህን ያዙልኝ። ሁለት ደብተር ስለያዛችሁ ባንኩ ቤታችሁን አይምርም። ሁለት የባንክ ሒሳብ ስለከፈታችሁም አይምርም። ውሉ ላይ የተስማማችሁበት ከሆነ ባንክ መያዣውን ለመሸጥ ፍርድ ቤት እንኳ መሄድ አያስፈልገውም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። 30 ቀን! አንድ ዕቁብ እንኳ የማይደርስበት ጊዜ ነው።

ታዲያ መለየቱ ምን ይሠራል? ይህን ባለፈው ዓመት ያየሁት አንድ ጉዳይ ይነግራችኋል። የጉዳዩ ባለቤት ስሟን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

አንዲት ጫማ ሻጭ ናት። ሱቋ አረብ ሰፈር ነው። ለግብር ጊዜ መዝገቧን እንዳስተካክልላት ጠራችኝ። ስገባ መደርደሪያው ጢም ብሏል። ከታች እስከ ላይ የጫማ ካርቶን። «ማሻ አላህ፣ ዕቃ ሞልቶሻል» አልኳት። ዝም አለች። ቁጥር ልመዝገብ ብዬ ከላይ አንዱን ካርቶን ሳብ ሳደርግ እጄ ላይ ቀለለኝ። ባዶ ነው። ሁለተኛውን ሳብኩ። ባዶ። ከላይ ያሉት ሁለት ረድፎች ሙሉ በሙሉ ባዶ ካርቶን ናቸው፤ ቁጥራቸው የተጻፈበት ፊታቸው ወደ ደንበኛ ዞሯል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ደንበኛ አይገባም» አለችኝ።

ብድሯን ጠየቅኳት። ኮራ ብላ ደብተሯን አወጣች። አንድም ወር አላሳለፈችም። ባንኩ ቤት ጨዋ ደንበኛ ናት። ታዲያ ጫማው የት ሄደ?

አሁን ቁጥሩን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ብዙ አይደለም፣ ተከተሉኝ።

የተበደረችው 600,000 ብር ነው። ወለዱ በዓመት 17 በመቶ፣ የሚከፈለው በ36 ወር። በየወሩ 21,392 ብር ገደማ ትከፍላለች። ከ600,000ው ውስጥ 450,000ው ጫማ ተገዛበት። 150,000ው ግን ሱቅ አልገባም። የቤቷ ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮ ተቀየረበት፣ ኩሽና ተሠራበት። አትሳቁ! እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ነን ከሱቅ ብድር ላይ ለቤት ያልቆነጠርን? እኔ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ በቧንቧ ብድር ከፍያለሁ።

እንግዲህ ብድሩ አንድ ነው፣ ዕዳው ግን ሁለት ነው። ሦስት አራተኛው የሱቅ፣ አንድ አራተኛው የቤት። ወርሃዊ ክፍያውም እንዲሁ ይከፈላል፦ 16,044 ብር የሱቅ፣ 5,348 ብር የቤት። ይህን ክፍፍል ባንኩ አያውቀውም፣ ማወቅም አይፈልግም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቀጥሎ ሱቁን ብቻውን አየነው። በወር 200,000 ብር ትሸጣለች። ጫማው የተገዛበት 150,000 ነው። 50,000 ተረፈ። ከዚያ ኪራይ 15,000፣ ለሠራተኛዋ 5,000፣ መብራትና መጓጓዣ 3,000፣ ለግብር የሚቀመጥ 4,000። 23,000 ቀረ። የሱቁን የብድር ድርሻ 16,044 ስትከፍል 6,956 ብር ይቀራል።

አያችሁ? ሱቁ የራሱን ዕዳ መክፈል ይችላል! ጤነኛ ሱቅ ነው። ጠባብ ነው እንጂ ጤነኛ ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። እሷ ለቤት ወጪ በወር 12,000 ገደማ ከመሳቢያው ታወጣለች። የጣሪያው ዕዳ 5,348 ሲጨመር 17,348 ይሆናል። ሱቁ ሊሰጣት የሚችለው ግን 6,956 ብቻ ነው። በየወሩ 10,392 ብር ጎደለ ማለት ነው። ከየት መጣ ታዲያ? ብድሩ በጊዜው ተከፍሏል፣ ልጆቹ በልተዋል፣ የጎደለው ከየት መጣ?

ከመደርደሪያው ነዋ! 120 ጥንድ ጫማ ሸጣ 120 ጥንድ አልተካችም፤ 112 ተካች። በሚቀጥለው ወር እንዲሁ። በስድስት ወር 62,352 ብር ከዕቃው ወጣ። አንዱ ጥንድ በአማካይ በ1,250 ብር ስለሚገዛ 50 ጥንድ ጫማ ማለት ነው። ሁለቱን ረድፍ ባዶ ካርቶን ቆጥሬ ነበር። 47 ነው።

ልብ በሉ፣ ይህች ሴት አላባከነችም። ወርቅ አልገዛችም፣ ላንጋኖ አልተዝናናችም። ብድሩ እየተከፈለ ሱቁ እየተበላ ነበር። ባንኩ ይህን አያይም። እሱ የሚያየው ክፍያ ነው። እሱ ችግሩን የሚያየው ካርቶኑ ሁሉ ባዶ ሆኖ ክፍያው ሲቋረጥ ነው። ያኔ የሚመጣው ካርታ የተያዘበት ቤት ላይ ነው። ዕዳን መለየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቤቱን ከባንክ አያድንም፤ ግን ቤቱ አደጋ ላይ መሆኑን ገና ክፍያ ሳይቋረጥ፣ ገና ባንኩ ሳያውቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

እሺ፣ እንዴት ተለየ? ይህን የሠራነው ለግማሽ ቀን ነው።

መጀመሪያ የብድሩ ገንዘብ የት የት እንደሄደ ጻፍን። የጅምላ ነጋዴዎቹን ደረሰኝ አወጣን፣ የቆርቆሮውን ደረሰኝ አወጣን። የአናጺው ግን ደረሰኝ የለውም፤ ስልኳ ላይ የቴሌብር መልእክቱ ተገኘ። ድርሻው 75 በ25 የሆነው ከዚያ ነው፣ ከራሳችን አይደለም። በግምት «ግማሽ በግማሽ ነው» ብትሉ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት።

ከዚያ ሁለተኛ የባንክ ሒሳብ ከፈተች፣ የቤት። የሱቅ ሽያጭ በሙሉ፣ ጥሬውም በስልክ የሚገባውም፣ በሱቁ ሒሳብ ያልፋል። በየወሩ በ25 ከቤቱ ሒሳብ ወደ ሱቁ ሒሳብ 5,348 ብር ትልካለች፣ ምክንያቱ ላይ «የጣሪያ ድርሻ» ብላ ትጽፋለች። ባንኩ ከሱቁ ሒሳብ 21,392ቱን ይቆርጣል። ለባንኩ ምንም አልተቀየረም። ለእሷ ግን ሁሉም ተቀየረ፤ ምክንያቱም በ25 ቤቱ ሒሳብ ውስጥ 5,348 ከሌለ ጉድለቱ የቤት እንጂ የሱቅ እንዳልሆነ ፊት ለፊት ይታያል።

እዚህ ላይ ለመዝገብ ያዦች አንድ ነገር። የብድሩ የመጀመሪያ ወር ወለድ 8,500 ብር ነበር። በግብር ጊዜ ወጪ ተብሎ የሚቀነሰው የሱቁ ድርሻ፣ 6,375ቱ ብቻ ነው። የጣሪያው 2,125 ብር የንግድ ወጪ አይደለም። ዋናው ገንዘብ ደግሞ የሁለቱም ወጪ አይደለም፤ የተበደሩትን መመለስ ነው። ብዙ ሰው 21,392ቱን በሙሉ ወጪ ብሎ ይጽፍና በኋላ ከገቢዎች ጋር ይጣላል።

ሦስተኛው ነገር የእሷ ደመወዝ ነው። ከመሳቢያ እየሳቡ መውሰድ ቀረ። ሱቁ የሚችለው 6,956 ስለሆነ 6,500 ተባለ፤ ለሁለት ተከፍሎ በወር ሁለት ጊዜ ወደ ቤቱ ሒሳብ ይገባል። ባሏ መንግሥት ሠራተኛ ነው። የጣሪያው 5,348 ከእሱ ደመወዝ እንዲሆን ተነጋገሩ። ቀላል ውይይት አልነበረም፣ አልዋሻችሁም። እኔ ሻይዬን ይዤ ውጭ ወጥቼ ጠበቅኳቸው። ሲጨርሱ ባልየው «ለካ ጣሪያውን የምትከፍለው ጫማዋ ናት» አለ። ለልጆቿ የምታወጣው ጫማም ከዚያ በኋላ በተገዛበት ዋጋ ይጻፋል፣ ከደመወዟም ይቀነሳል።

አሁን ስለ ዕቁብ ልናገር፤ ጥያቄው ሁልጊዜ ስለሚመጣ። ዕቁብ ሲደርሳችሁ ገንዘቡ የማን ነው? መልሱ ቀላል ነው። መዋጮው ከየት ይወጣ ነበር? ከሱቅ መሳቢያ ይወጣ ከነበረ የሱቅ ነው፣ ዕቃ ይገዛበታል። ከቤት ይወጣ ከነበረ የቤት ነው። እሷ 60,000 ብር ሲደርሳት ለብድሩ ልክፈለው አለች። መዋጮው ከባሏ ደመወዝ ስለነበር ከጣሪያው ዕዳ ላይ ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ 75 በ25 የሚለው ክፍፍል አይሠራም፤ የቤቱ ድርሻ አንሷል። ስለዚህ የሁለቱን ቀሪ ዕዳ በየራሱ ገጽ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ከፍላችሁ ስታበቁም ባንኩን ጠይቁ፦ ወሩ ነው የሚያጥረው ወይስ ወርሃዊ ክፍያው ነው የሚቀንሰው? በጽሑፍ ይስጧችሁ።

አሁን ወደ ዋሱ እንሂድ። ለእሷ ብድር የባሏ ወንድም ዋስ ነበር። ይህ ሰው ከጣሪያውም ከጫማውም የለበትም። አንድ ቀን ጠራነውና ውሉን አብረን አነበብን። በፈረመ በአንድ ዓመቱ! ምን ፈለግን?

መጠኑን ፈለግን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ዋሱ የገባበት ከፍተኛ መጠንም ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። የእሱ ላይ ተጽፏል። ግን 600,000 አይደለም የሚለው፤ ወለድና ወጪ ተደምሮ ከዚያ በላይ ነው። አላወቀም ነበር።

ቀጥሎ የዋስትናውን ዓይነት ፈለግን። ተራ ዋስ ከሆነ «መጀመሪያ ተበዳሪዋን ጠይቁ» የማለት መብት አለው። «የአንድነትና የነጠላ ዋስ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ባንኩ እሷን አልፎ ቀጥታ እሱን ሊጠይቅ ይችላል። የባንክ ውሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ይህን ሁለተኛውን ነው። የእሱም ይኸው ነበር። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምንም አላለም።

ለባልና ሚስትም አንድ ቃል። በቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት በመያዣ የሚሰጠው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ «ሱቁ የእሷ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚል ባል እዚህ ካለ፣ ከፈረመበት ቀን ጀምሮ በደንብ ይመለከተዋል። ጣሪያውማ ከመጀመሪያውም የሁለቱ ነው።

አንድ ወጣት በር ላይ ሲያገኘኝ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ባቋቁምስ?» አለኝ። ጎበዝ! በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ይቻላል። ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰው ይሆናል፤ ግድግዳ ይቆማል። ግን የድሮው ብድር ግድግዳውን ተሻግሮ አይሄድም። የፈረምከው አንተ ነህ፣ አንተ ላይ ይቀራል። ባንኩ «ብድሩን ማኅበሩ ተረክቧል፣ አንተንና ዋስህን ለቅቄያለሁ» ብሎ በጽሑፍ ካልሰጠህ ምንም አልተቀየረም። አዲስ ብድር ስትጠይቅም ለአነስተኛ ማኅበር ባንኩ ባለቤቱን ዋስ ሁን ማለቱ የተለመደ ነው። ማኅበር አቋቁመህ የማኅበሩን ገንዘብ ለቤት አስቤዛ የምታወጣ ከሆነ ደግሞ ግድግዳውን በገዛ እጅህ እያፈረስከው ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ብድር የምመክራችሁ የጣሪያውን ከጫማው ጋር በአንድ ውል እንዳታስገቡ ነው። የሱቅ ብድር ለዕቃ መግዣ ተብሎ ከተፈቀደ ለሌላ ማዋሉ ራሱ ውል መጣስ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ፣ አንድ ውል ከሆነ ለጣሪያው ያልተከፈለው 5,348 ብር የሱቁን ብድር በሙሉ ያበላሻል። ባንኩ «ይቺ የጎደለችው የጣሪያው ናት» አይልም። የቤት ጉዳይ በቤት ገቢ ልክ፣ በራሱ ብድር፣ ቢቻል ያለ ወንድም ዋስትና።

የጫማ ሻጯ ነገር እንዴት ሆነ ትሉኛላችሁ። ብድሩ ገና አላለቀም። ባለፈው ወር ገብቼ ነበር። በየወሩ መጨረሻ እሁድ ዕቃ ትቆጥራለች። አሁን ከላይኛው ረድፍ ግማሹ ዕቃ አለው። ግማሹ ባዶ ነው፤ ካርቶን ግን የለበትም። ባዶውን መደርደሪያ ጨርቅ አልብሳ የሴት ቦርሳ ሰቅላበታለች። ቦርሳው በኮሚሽን የመጣ ነው፣ የእሷ ገንዘብ አልወጣበትም። እኔ ይህን አልመከርኳትም፤ ከራሷ ነው።

ሻይ መጥቷል መሰለኝ፣ የስኒ ድምፅ እሰማለሁ። የብድር ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከሻይ በኋላ በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። የዋስትናው ገጽ ላይ የተጻፈውን መጠንና የዋሱን ዓይነት አብረን እናያለን። ዋሳችሁ አብሯችሁ መጥቶ ከሆነ እሱንም ይዛችሁት ኑ።